የሚያፈስ ገንዳ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?

ለአነስተኛ መስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ገለጻ ስለ አንድ የውኃ ገንዳ ነው። ከላይ በቧንቧ የምንጭ ውኃ ይገባበታል፤ ከታች ደግሞ በሽንቁር ውኃ ይወጣበታል። እንዲህ ያለው ገንዳ ለመሞላት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ልጆቻችሁ ይህን ጥያቄ በሒሳብ ትምህርታቸው ያገኙት ይሆናል። እኛ የምናነሳው ግን ለውኃ ተራ ስንል ነው። ገንዳው ሌሊት ሞልቶ ያድራል ተብሎ የጠዋቱ ተራ ከተደለደለ በኋላ ጎድሎ ቢገኝ፣ የመጨረሻው ባለተራ ማሳ ሳይጠጣ ይውላል። ከዚያ በኋላ "ሌሊት ማን ከፈተው?" የሚለው ጥርጣሬ ይከተላል። ጎረቤትን ከመጠርጠር በፊት ሽንቁሩን መለካት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን፣ አንድ ሜትር እና ሰዓት የሚቆጥር ሞባይል ብቻ ነው።

1. ገንዳው ስንት ሊትር ይይዛል?

ለምሳሌ ያህል ሦስት አባወራዎች በጋራ የሚጠቀሙበትን አንድ የሲሚንቶ ገንዳ እንውሰድ። የውስጥ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ትርፍ ውኃ ማስወጫው ድረስ ያለው ቁመት 2 ሜትር ነው። ከማስወጫው በላይ ያለው ግድግዳ ውኃ ስለማይይዝ አይቆጠርም።

ርዝመትን በስፋት፣ ውጤቱን ደግሞ በቁመት ስናባዛ 24 ሜትር ኩብ እናገኛለን። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ ገንዳው 24,000 ሊትር ይይዛል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ በየቀኑ የሚጠቅማችሁ ሌላ ቁጥር አለ። 24,000 ሊትሩን ለ200 ሳንቲ ሜትር ስናካፍል 120 ሊትር ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ገንዳ ውስጥ ውኃው አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል 120 ሊትር ገብቷል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 120 ሊትር ወጥቷል። ይህም ስድስት ጄሪካን ነው። የራሳችሁን ገንዳ ቁጥር አስልታችሁ በግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት። ከውስጥ በኩል ደግሞ ከወለሉ ጀምራችሁ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ መስመር አስምሩ። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ በእነዚህ መስመሮች ላይ የሚነበብ ነው።

2. በቧንቧው የሚገባው ስንት ነው?

ጄሪካኑን በቧንቧው ጫፍ፣ ማለትም ውኃው ወደ ገንዳው በሚወድቅበት ቦታ ያዙት። ምንጩ ጋ ሄዳችሁ ብትለኩ በመንገድ ላይ በቧንቧው መጋጠሚያ የሚባክነው ሳይታወቅ ይቀራል። ጄሪካኑ እስኪሞላ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ለኩና መካከለኛውን ውሰዱ። ብዙ ጄሪካኖች እስከ አፋቸው ሲሞሉ ከ20 ሊትር በላይ ስለሚይዙ፣ አስቀድማችሁ በታወቀ መለኪያ 20 ሊትር ጨምራችሁበት ውኃው የደረሰበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።

በምሳሌያችን ጄሪካኑ በ36 ሴኮንድ ይሞላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3,600 ሴኮንድ ስላለ፣ በሰዓት 100 ጄሪካን ይሞላል ማለት ነው። ይህም በሰዓት 2,000 ሊትር ነው።

ገንዳው ምንም ሽንቁር ባይኖረው ኖሮ 24,000 ለ2,000 ሲካፈል 12 ሰዓት ይወጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ባዶ የሆነው ገንዳ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጢም ብሎ ይገኛል። የሦስቱ አባወራዎች የተራ ድልድልም የተሠራው በዚህ ሒሳብ ነው።

3. በሽንቁሩ የሚወጣው ስንት ነው?

ገንዳው ሲሞላ የመግቢያውን ቧንቧ ከገንዳው ውጪ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት። ወደ ማሳ የሚወስደውን ቫልቭ ዝጉ፤ በማሳ በኩል ያለው የቧንቧ ጫፍ እንደማያንጠባጥብም ሄዳችሁ እዩ። ቫልቩ ራሱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፤ መፍትሔውም ቫልቩን መቀየር ብቻ ነው። ከዚያም ውኃው እስኪረጋ ጠብቃችሁ ከፍታውን በግድግዳው መስመር ላይ አንብቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግማችሁ አንብቡ።

በምሳሌያችን ገንዳው ሙሉ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ውኃው በአንድ ሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። 5 ሲባዛ በ120 በሰዓት 600 ሊትር ይሆናል።

"ፀሐይ ጠጥታው ይሆናል" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ባልዲ ውኃ ሞልታችሁ ገንዳው አጠገብ አስቀምጡና ዝቅ ማለቱን እዩ። ፀሐይና ነፋስ ከገላጣ ውኃ ላይ በአንድ ቀን ሙሉ የሚወስዱት አብዛኛውን ጊዜ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ መሙላቱ አጠራጣሪ ነው። በአንድ ሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር የጎደለ ገንዳ ግን በእርግጥ ያፈስሳል። ነገር ግን አዲስ የተሠራ የሲሚንቶ ገንዳ ከሆነ ግድግዳው ራሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃ ስለሚጠጣ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሳምንት ያህል ውኃ ይዞ እንዲቆይ አድርጉት።

4. ቀላሉ ሒሳብና የተለመደው ስህተት

በሰዓት 2,000 ሊትር ይገባል፤ 600 ሊትር ይወጣል። በገንዳው ውስጥ የሚቀረው ልዩነቱ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሰዓት 1,400 ሊትር። 24,000 ለ1,400 ሲካፈል 17 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ያህል ይመጣል።

ብዙ ሰው ግን በሌላ መንገድ ያስባል። "ገንዳው በ12 ሰዓት ይሞላል። በ12 ሰዓት ውስጥ የሚፈሰው 12 ጊዜ 600፣ ማለትም 7,200 ሊትር ነው። ይህን ለመተካት ቧንቧው 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ በ15 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይሞላል" ይላል። ስህተቱ ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በተጨመረው 3 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ውስጥም ሽንቁሩ አላረፈም፤ ሌላ 2,160 ሊትር ያፈስሳል። ያንን ለመተካት ደግሞ አንድ ሰዓት ከምናምን ያስፈልጋል፤ በዚያም ሰዓት ያፈስሳል። እንዲህ እየተጨመረ ሲሄድ የሚደርሰው 17 ሰዓት ከ9 ደቂቃው ላይ ነው። ስለዚህ ከገቢው ላይ ወጪውን በሰዓት ቀንሱ፣ ከዚያ በኋላ አካፍሉ። አስቀድሞ አካፍሎ በኋላ መጠገን ያሳስታል።

5. ሽንቁሩ ሁልጊዜ እኩል አያፈስም

ይህ ሒሳብ ሽንቁሩ ከምሽት እስከ ንጋት በሰዓት 600 ሊትር ያፈስሳል ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አሮጌ ጄሪካን ውሰዱና ከታች በኩል በምስማር ብሱት፤ ውኃ ሞልታችሁ እዩት። ሙሉ ሲሆን ውኃው ርቆ ይወረወራል። እየጎደለ ሲሄድ ቅርብ ይወድቃል፤ በመጨረሻም በጄሪካኑ ጎን ላይ ይንጠባጠባል። ሽንቁሩ አልጠበበም፤ ከላይ የሚጫነው ውኃ ክብደት ነው የቀነሰው። ገንዳም እንዲሁ ነው። ውኃው ዝቅ ሲል ትንሽ ያፈስሳል፣ ከፍ ሲል ብዙ ያፈስሳል።

ስለዚህ የሦስተኛውን ልኬት አራት ጊዜ፣ በአራት የተለያዩ ከፍታዎች መድገም ያስፈልጋል። ገንዳውን በሐሳባችን ከታች ወደ ላይ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ቁመት ባላቸው አራት እርከኖች እንከፍለዋለን። እያንዳንዱ እርከን 6,000 ሊትር ይይዛል። ውኃው በእያንዳንዱ እርከን ውስጥ እያለ በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ ለክተን ይህን አገኘን እንበል፦

በታችኛው እርከን በሰዓት 2 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ 240 ሊትር ነው። የሚቀረው 1,760 ሊትር ስለሆነ እርከኑ በ3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሞላል።

በሁለተኛው እርከን በሰዓት 3 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ 360 ሊትር ነው። የሚቀረው 1,640 ሊትር ስለሆነ በ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሞላል።

በሦስተኛው እርከን በሰዓት 4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ 480 ሊትር ነው። የሚቀረው 1,520 ሊትር ስለሆነ በ3 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ይሞላል።

በላይኛው እርከን በሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ 600 ሊትር ነው። የሚቀረው 1,400 ሊትር ስለሆነ በ4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይሞላል።

አራቱ ሲደመሩ 15 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ይሆናል። ከምሽቱ 12 ሰዓት መሙላት የጀመረው ገንዳ የሚሞላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ነው ማለት ነው። ገንዳው ሲሞላ ብቻ ለክተን ቢሆን ኖሮ እስከ 5 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ድረስ በከንቱ እንጠብቅ ነበር። ገንዳው ሊያልቅ ሲል ብቻ ለክተን ቢሆን ደግሞ ሽንቁሩ እዚህ ግባ የማይባል ይመስለን ነበር። ስለዚህ "ገንዳዬ በሰዓት ይህን ያህል ያፈስሳል" ስትሉ በስንት ሜትር ከፍታ እንደለካችሁት አብራችሁ ጻፉ።

6. ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስንት መገኘት አለበት?

አሁን ወደ ጥርጣሬው እንመለስ። ሦስቱ አባወራዎች ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሲመጡ ገንዳው አልሞላም። ስንት መጉደል ነበረበት?

ሦስቱ የታች እርከኖች ለመሙላት 11 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። እስከ 12 ሰዓት የቀረው 58 ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ላይኛው እርከን ውስጥ 1,350 ሊትር ያህል ይገባል፤ ይህም 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ውኃው 1 ሜትር ከ61 ሳንቲ ሜትር ላይ መገኘት አለበት። ከሙሉው የጎደለው 39 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 4,650 ሊትር ገደማ ነው። በጄሪካን ሲቆጠር ከ230 በላይ ነው። ይህን ያህል ውኃ ጎድሎ ሲታይ "ሌሊት ተሰርቋል" ቢባል አያስገርምም። ነገር ግን ማንም አልነካውም።

ውኃው 1 ሜትር ከ61 አካባቢ ከተገኘ የጎደለው በሽንቁሩ የሄደ ነው። በመለካት የሚፈጠር ስህተት ስላለ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ክርክር ውስጥ አትግቡ። 1 ሜትር ከ30 ላይ ከተገኘ ግን ሽንቁሩ ብቻውን ሊያመጣው የማይችል ጉድለት አለ። ያኔም ቢሆን አስቀድማችሁ የመግቢያውን ቧንቧ በጄሪካን ደግማችሁ ለኩ። ምንጩ ቀንሶ ወይም የቧንቧው ወንፊት በቅጠል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ገቢው እንደ በፊቱ በ36 ሴኮንድ የሚሞላ ከሆነ ብቻ የውኃ አባቱ ቫልቩን ማን እንደከፈተ ይጠይቅ።

7. በበጋ የማይሞላ ገንዳ

እስካሁን ያየነው ሽንቁር ያዘገየን 3 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ብቻ ነው። "ይህንማ እንችለዋለን" ሊባል ይችላል። አሁን ምንጩ በበጋ እየቀነሰ ሄዶ ጄሪካኑ የሚሞላው በ144 ሴኮንድ ሆነ እንበል። ይህ በሰዓት 25 ጄሪካን፣ ማለትም 500 ሊትር ነው። ሽንቁሩ ግን ያው ነው፤ አልሰፋም፣ አልጠበበም።

ገንዳው ባያፈስስ ኖሮ 24,000 ለ500 ሲካፈል 48 ሰዓት ይሆናል። በሁለት ቀን አንዴ ሙሉ ገንዳ ውኃ ይገኝ ነበር።

ሽንቁሩ ሲጨመር ግን እንዲህ ይሆናል። በታችኛው እርከን 500 ይገባል፣ 240 ይወጣል፤ የሚቀረው 260 ሊትር ብቻ ስለሆነ እርከኑ ለመሙላት 23 ሰዓት ይፈጅበታል። በሁለተኛው እርከን የሚቀረው 140 ሊትር ነው፤ 43 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ውኃው 1 ሜትር ለመድረስ ብቻ 66 ሰዓት፣ ማለትም ሦስት ቀን ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጊዜ ወሰደ። በሦስተኛው እርከን የሚቀረው በሰዓት 20 ሊትር ነው፤ አንድ ጄሪካን። ውኃው ሲጨምር በዓይን አይታይም። ወደ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ሲደርስ በሽንቁሩ የሚወጣውም 500 ሊትር ይሆንና ገቢና ወጪ እኩል ይሆናሉ። ከዚያ ወዲያ ገንዳው ሳምንት ቢጠበቅም፣ ወር ቢጠበቅም አይሞላም።

ይህ ሲያጋጥም ገንዳው ጤነኛ ይመስላል። ከግማሽ በላይ ውኃ አለው፤ ቧንቧው ይወርዳል፤ ውኃው ከመስመሩ አይወርድም። ስለዚህ ብዙዎች "ምንጩ ደከመ" ብለው ይተዉታል። እውነቱ ግን በቧንቧው የሚመጣው ውኃ ሁሉ በሽንቁሩ እየወጣ ነው። በሰዓት 500 ሊትር በቀን 12,000 ሊትር ነው። አንድ አትክልት ማሳ በካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ቢፈልግ፣ ይህ ውኃ 2,400 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር የሚጠጋ ማሳ ያጠጣ ነበር።

ስለዚህ ሽንቁር በራሱ ትንሽ ወይም ትልቅ አይባልም። የሚመዘነው ከሚገባው ውኃ ጋር ነው። ገንዳው በሚሞላበት ከፍታ ላይ የሚፈሰው ከሚገባው ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ገንዳው ፈጽሞ አይሞላም። በምሳሌያችን ያ ወሰን 600 ሊትር ነው። ጄሪካኑ ለመሙላት 2 ደቂቃና ከዚያ በላይ መፍጀት ከጀመረ ይህ ገንዳ ከእንግዲህ አይሞላም። ስለዚህ ጥገናው መሠራት ያለበት ምንጩ ሳይቀንስ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው።

8. የምንጭ መድከምን ከሽንቁር እንዴት እንለያለን?

ግድግዳው ቀጥ ያለ ገንዳ የማያፈስስ ከሆነ ውኃው በየሰዓቱ እኩል ከፍ ይላል። ምንጩ የደከመ ከሆነ በየሰዓቱ ትንሽ ይጨምራል፤ ቢሆንም ከታችም ከላይም እኩል ይጨምራል። የሚያፈስ ገንዳ ግን መጀመሪያ ላይ ፈጠን ብሎ ይጨምርና ከፍ ባለ ቁጥር ይዘገያል። በምሳሌያችን ገንዳ በመጀመሪያው ሁኔታ ውኃው ከታች በሰዓት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምር ነበር፤ ከላይ ሲደርስ ግን 12 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። አንድ ሰው በየሰዓቱ መስመሩን አንብቦ ቢጽፍ ልዩነቱ ከወረቀቱ ላይ ይታያል።

ሽንቁሩ የት እንዳለ ለማወቅ መግቢያውንም ማስወጫውንም ዘግታችሁ ገንዳውን ተዉት። ውኃው እየወረደ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ቢቆም፣ ስንጥቁ ያለው በዚያ ከፍታ ነው፤ ግድግዳውን በዚያ መስመር ዙሪያውን ፈትሹ። ውኃው ሳይቆም፣ እየዘገየ እስከ ወለሉ ድረስ ከወረደ ግን ጥፋቱ በወለሉ፣ ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን ወይም የማስወጫው ቧንቧ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ ነው። ከእነዚህ መካከል ቧንቧው የሚያልፍበትን ቦታ አስቀድማችሁ እዩ። ሲሚንቶና ቧንቧ በደንብ ስለማይያያዙ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው እሱ ነው። ከገንዳው ውጪ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ አፈር ወይም በበጋ የለመለመ ሣር ካያችሁም ምልክት ነው።

አንድ ማስታወሻ እንጨምር። ግድግዳው ዘመም ያለ ኩሬ ከሆነ ውኃው ከፍ ሲል ስፋቱም ስለሚጨምር የአንድ ሳንቲ ሜትር ሊትር ከቦታ ቦታ ይለያያል። በዚያ ጊዜ በለካችሁበት ከፍታ የውኃውን ፊት ርዝመትና ስፋት በሜትር ለክታችሁ አባዙና በ10 አባዙት፤ የአንድ ሳንቲ ሜትር ሊትር እሱ ነው። በኩሬ ውስጥ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ሳያፈስስም ስለሚዘገይ፣ ከላይ ያልነውን የመዘግየት ምልክት በሳንቲ ሜትር ሳይሆን በሊትር አይታችሁ ፍረዱ።

9. እስኪጠገን ድረስ ምን ይደረግ?

ሽንቁሩ ከፍ ባለ ውኃ ብዙ፣ ዝቅ ባለ ውኃ ትንሽ የሚያፈስ ከሆነ፣ የሚያፈስ ገንዳን ሞልቶ ማቆየት ለሽንቁሩ መመገብ ነው። ሙሉ ሆኖ በቆመበት በእያንዳንዱ ሰዓት 600 ሊትር ይሄዳል።

በመጀመሪያው ምሳሌ ገንዳውን እስከ 2 ሜትር ለመሙላት በ15 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ውስጥ 6,600 ሊትር ይባክናል። እስከ 1 ሜትር ብቻ ሞልታችሁ ብታጠጡና ደግማችሁ እስከ 1 ሜትር ብትሞሉ ያው 24,000 ሊትር በ14 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሰበሰባል፤ የሚባክነውም 4,300 ሊትር ገደማ ነው። ከ2,000 ሊትር በላይ ዳነ። ስለዚህ ጥገናው እስኪሠራ ድረስ የአንድ ቀኑን ተራ በሁለት ከፍላችሁ አንዱን ማታ፣ አንዱን ጠዋት አድርጉ። ተራውንም በተስፋ ሳይሆን በለካችሁት ሰዓት ደልድሉ።

ለጥገናው ገንዳውን ባዶ አድርጋችሁ ደለሉን ጥረጉ። ስንጥቁን በመሮና በመዶሻ እስከ ጤናማው ሲሚንቶ ድረስ ክፈቱት፤ ከላይ ብቻ የተለቀለቀ ሲሚንቶ የውኃ ግፊት ይገፈትረዋል። አቧራውን አጥባችሁ ቦታውን አርጥቡ። ከዚያም አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ አቡክታችሁ ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፤ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ውኃ አጠጡት። ሳይጠነክር በፀሐይ የደረቀ ልስን እንደገና ይሰነጠቃል።

ጥገናው መሥራቱ የሚታወቀው በዓይን አይደለም። ገንዳውን እስከ ላይ ሙሉና የሦስተኛውን ልኬት ድገሙ። በፊት በሰዓት 5 ሳንቲ ሜትር ይወርድ የነበረው አሁን አንድ ሌሊት ሙሉ አድሮ በአጠገቡ ካለው ባልዲ ብዙም ካልበለጠ ሽንቁሩ ተደፍኗል። አሁንም በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ከሆነ 120 ሊትር ይሄዳል፤ ሌላ ሽንቁር አለና ፈልጉ።

ወደ ቀበሌያችሁ ስትመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ነገሮችን ለክታችሁ በደብተር ጻፉ፦ የገንዳችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ሊትር እንደሆነ፣ ጄሪካኑ በስንት ሴኮንድ እንደሚሞላ፣ ውኃው በአራት ከፍታዎች በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ፣ እና ከምሽቱ 12 ሰዓት የተጀመረው ገንዳ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የት እንደደረሰ። ሦስቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ይዛችሁ አራተኛውን አስቀድማችሁ አስሉት። ስሌቱና የንጋቱ ንባብ ከተቀራረቡ ገንዳችሁን አውቃችሁታል። ካልተቀራረቡ ደብተሩን ይዛችሁ በልማት ጣቢያው ወዳለው የመስኖ ባለሙያ ሂዱ፤ እሱም የሚጀምረው እነዚህን ቁጥሮች በመጠየቅ ነው።